የመውቂያ ማሽን ገንዘቡን መቼ ይመልሳል? የመመለሻ ጊዜ ስሌት የሚነግረንና የሚሸፍንብን

ስንዴና ጤፍ በሚበቅልበት ደጋና ወይና ደጋ፣ ኮምባይነር ሊገባበት በማይችል ተዳፋትና ጠባብ ማሳ ላይ፣ አነስተኛ የመውቂያ ማሽን ገዝቶ የራስን እህል መውቃትና ለጎረቤት በኩንታል እያስከፈሉ ማገልገል በብዙ ገበሬዎች ዘንድ የሚታሰብ ሥራ ነው። ገዢው ራሱም ሆነ ገንዘብ የሚያበድረው ተቋም አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማሽኑ የወጣበትን ገንዘብ በስንት ዓመት ይመልሳል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡ ሁለት ስሌቶች አሉ። አንደኛው ተራው የመመለሻ ጊዜ ሲሆን የወጣውን ገንዘብ ከሚገባው ገንዘብ ጋር በቀጥታ ያወዳድራል። ሁለተኛው ደግሞ በቅናሽ የሚሰላው የመመለሻ ጊዜ ሲሆን፣ ነገ የሚገባ ብር ከዛሬ ብር እንደሚያንስ ከግምት አስገብቶ ያወዳድራል። ሁለቱ ስሌቶች ለአንድ ማሽን እጅግ የተራራቀ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ፤ የሚራራቁበትን ምክንያት የተረዳ ሰው የትኛው መልስ ለየትኛው ውሳኔ እንደሚያገለግል ይለያል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ መግለጫ አይደሉም፤ አንባቢ የራሱን አካባቢ ዋጋ በየቦታው መተካት ይችላል። አንድ ገበሬ በናፍጣ የሚሠራ የመውቂያ ማሽን ከነማጓጓዣው በ320,000 ብር ይገዛል እንበል። የውቂያ ወቅት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። ማሽኑ በደህና ወቅት በቀን 36 ኩንታል እየወቃ 50 ቀን ቢሠራ 1,800 ኩንታል ይወቃል፤ በኩንታል 130 ብር ቢከፈለው 234,000 ብር ያስገባል። ከዚህ ላይ 600 ሊትር ናፍጣ በሊትር 130 ብር ሲታሰብ 78,000 ብር ይወጣል። ለሁለት ሠራተኞች በኩንታል 20 ብር ቢከፈል 36,000 ብር ይሆናል። ለሞተር ዘይት፣ ለቺንጋ፣ ለኩሽኔታና ማሽኑን ከመንደር መንደር ለማዘዋወር 10,000 ብር ይያዝ። የቀረው 110,000 ብር የወቅቱ የተጣራ ገቢ ነው።

ስሌቱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በዚህ ደረጃ ስለሆነ፣ ወደ ፊት ከማለፋችን በፊት እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ስሕተት የራስን ጉልበት በነፃ መቁጠር ነው። ገዢው ማሽኑን ራሱና ልጁ የሚያንቀሳቅሱት ከሆነ ለሠራተኛ የተያዘው 36,000 ብር ከኪሱ አይወጣም፤ ይሁን እንጂ በእነዚያ ቀናት ሌላ ሥራ ቢሠሩ የሚያገኙት ገንዘብ ስላለ፣ ያንን ለማሽኑ ገቢ ማድረግ ማሽኑን ያለ አግባብ ያስመሰግነዋል። ሁለተኛው ስሕተት የማሽኑን እርጅና እንደ ወጪ መቀነስ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ትርፍና ኪሳራ ሲሠራ የማሽኑን ዋጋ በአገልግሎት ዘመኑ ላይ አከፋፍሎ በየዓመቱ ይቀንሳል፤ በእኛ ስሌት ግን የማሽኑ ሙሉ ዋጋ መጀመሪያውኑ እንደ ወጪ ስለተያዘ፣ እርጅናን በየዓመቱ መቀነስ አንድን ወጪ ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል። በተመሳሳይ ምክንያት የብድር ወለድም ከወቅቱ ገቢ ላይ አይቀነስም፤ ወለዱን የሚወክለው በኋላ የምናየው የቅናሽ ተመን ነው።

የራስ እህልም አለ። ገዢው 60 ኩንታል የራሱን ስንዴ በማሽኑ ቢወቃ ማንም አይከፍለውም፤ ቢሆንም ቀድሞ በበሬ ሲያስወቃ ያወጣው የነበረው ወጪ ቀርቶለታልና ያ ወጪ እንደ ገቢ ይቆጠራል። ለደቦው የሚዘጋጀው ምግብና ጠላ፣ ለሰው የሚከፈለው ቀን፣ አውድማ ላይ የሚፈስሰውና ከአፈር የሚቀላቀለው እህል ሁሉ ዋጋ አላቸው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው ነገር፣ የቀረው ወጪ በእርግጥ የሚወጣ ወጪ መሆኑ ነው፤ በሬዎቹ ለእርሻ ሲባል አሁንም የሚቀለቡ ከሆነ የበሬ ቀለብ ቀረልኝ ማለት አይቻልም።

አሁን የወቅቶቹን ገቢ በቅደም ተከተል እናስቀምጥ። በመጀመሪያው ወቅት ማሽኑ ገና ስላልታወቀ 1,350 ኩንታል ብቻ ወቅቶ 80,000 ብር ያተርፋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ወቅት በየራሳቸው 110,000 ብር ያስገባሉ። ከዚያ ወዲያ የመውቂያው ጥርሶች ይበላሉ፣ ሞተሩ እድሳት ይፈልጋል፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ማሽኑ የሚቆምባቸው ቀናት ይጨምራሉ፤ ስለዚህ አራተኛው ወቅት 90,000፣ አምስተኛው 80,000፣ ስድስተኛው 60,000 ብር ያስገባል። በስድስተኛው ወቅት መጨረሻ ማሽኑ በ50,000 ብር ይሸጣል። ገዢው ገንዘቡን የከፈለው በጥር መጨረሻ፣ ውቂያው ካበቃ በኋላ ነው እንበል፤ ብድር ዘግይቶ ሲለቀቅ እንዲህ ያለ ግዢ ያጋጥማል።

ተራው የመመለሻ ጊዜ የሚገኘው ገቢውን እየደመሩ ወጪው ላይ እስኪደርስ በመቁጠር ነው። ሦስቱ የመጀመሪያ ወቅቶች በድምሩ 300,000 ብር ያስገባሉ፤ ከ320,000 ብሩ የሚጎድለው 20,000 ነው። አራተኛው ወቅት 90,000 ብር ስለሚያስገባ 20,000ን ለ90,000 አካፍለን 0.22 እናገኛለን፤ መልሱም 3.22 ዓመት ይባላል። ገቢው በየዓመቱ እኩል ቢሆን ኖሮ ዋጋውን ለዓመት ገቢ ማካፈል ብቻ ይበቃ ነበር፤ የእርሻ መሣሪያ ገቢ ግን እኩል የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ እየደመሩ መቁጠሩ ይሻላል።

ይህን 3.22 ዓመት ብዙዎች 3 ዓመት ከ2 ወር ተኩል ገደማ ብለው ያነቡታል። ይህ አነባበብ ገቢው በዓመቱ ውስጥ በየወሩ እኩል እንደሚገባ ይገምታል። ለሱቅ ወይም ለወፍጮ ቤት ግምቱ ብዙም አያሳስት ይሆናል፤ ለመውቂያ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ማሽኑ በጥር መጨረሻ ከተገዛ ሦስተኛው ወቅት የሚያበቃው ልክ 3 ዓመት ሲሞላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከየካቲት እስከ ጥቅምት ድረስ ማሽኑ ሸራ ለብሶ ይቆማል፣ አንድ ብር አያስገባም። የጎደለው 20,000 ብር የሚገኘው በቀጣዩ ኅዳር ስለሆነ እውነተኛው የመመለሻ ጊዜ ወደ 3 ዓመት ከ10 ወር ይጠጋል። ያው ማሽን በመስከረም መጨረሻ ተገዝቶ ቢሆን ግን አራተኛው ወቅት የሚጀምረው 3 ዓመት ከአንድ ወር ሲሞላ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ቢሠራ ገንዘቡ ተመለሰ ማለት ነው። ስለዚህ ለወቅታዊ መሣሪያ መልሱን በወር ከመናገር በወቅት መናገር ትክክለኛ ነው፦ ማሽኑ ገንዘቡን የሚመልሰው በአራተኛው ወቅት መጀመሪያ ላይ ነው።

ተራው ስሌት በመጀመሪያው ወቅት የገባን 80,000 ብርና በአራተኛው ወቅት የገባን 90,000 ብር እንደ አንድ ዓይነት ብር ይደምራቸዋል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ዛሬ እጅ ላይ ያለ 100 ብር በዓመት 18 በመቶ ሊያፈራ የሚችል ከሆነ ከዓመት በኋላ 118 ብር ይሆናል፤ እንግዲያው ከዓመት በኋላ የሚመጣ 118 ብር ዛሬ ያለው ዋጋ 100 ብር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣውን ሁለት ጊዜ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣውን ሦስት ጊዜ ለ1.18 እናካፍላለን። በዚህ መንገድ የሚገኘው ቁጥር የአሁን ዋጋ ይባላል፣ 18 በመቶው ደግሞ የቅናሽ ተመን። በቅናሽ የሚሰላው የመመለሻ ጊዜ ማለት የእነዚህ የአሁን ዋጋዎች ድምር ከግዢው ዋጋ ጋር እስኪተካከል የሚፈጀው ጊዜ ነው።

ምሳሌያችን በ18 በመቶ ሲሰላ እንዲህ ይወጣል።

| ወቅት | የተጣራ ገቢ (ብር) | የአሁን ዋጋ (ብር) | የአሁን ዋጋ ድምር (ብር) |
|---|---|---|---|
| 1ኛ | 80,000 | 67,797 | 67,797 |
| 2ኛ | 110,000 | 79,000 | 146,797 |
| 3ኛ | 110,000 | 66,949 | 213,746 |
| 4ኛ | 90,000 | 46,421 | 260,167 |
| 5ኛ | 80,000 | 34,969 | 295,136 |
| 6ኛ | 60,000 | 22,226 | 317,362 |
| የማሽኑ ሽያጭ | 50,000 | 18,522 | 335,884 |

በተራው ስሌት በአራተኛው ወቅት መጀመሪያ ላይ ገንዘቡን የመለሰው ማሽን፣ በዚህኛው ስሌት ስድስት ወቅት ሙሉ ሠርቶ እንኳ 320,000 ብር ላይ አልደረሰም፤ 2,638 ብር ይጎድለዋል። ገንዘቡን የመለሰው ያረጀው ማሽን ራሱ ሲሸጥ ነው። ይህ ማለት ግዢው በ18 በመቶ ተመን አዋጭ የሚሆነው ከስድስት ዓመት በኋላ ያረጀውን ማሽን የሚገዛ ሰው ከተገኘ ብቻ ነው። ያ ገዢ 40,000 ብር ቢከፍል የአሁን ዋጋው 14,800 ብር ያህል ስለሚሆን አሁንም ይተርፋል፤ ማሽኑ ለቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ከሄደ ግን ትርፉ ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። በእኔ አስተያየት የሁለቱ ስሌቶች ትልቁ ጥቅም የሚታየው አንዱን ከሌላው አጠገብ ሲያስቀምጡ ነው፦ ሦስት ዓመት ከምናምን የሚለው ቁጥር ብቻውን ቢሰማ ማንም ይህን ያህል ጠባብ ትርፍ አለው ብሎ አይጠረጥርም ነበር።

ሠንጠረዡ የእያንዳንዱን ወቅት ገቢ ከግዢው ልክ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት እያለ የሚርቅ አድርጎ እንደያዘ ልብ ይሏል። በጥር ለተገዛ ማሽን ይህ ከእውነቱ ጋር ይቀራረባል። በመስከረም መጨረሻ ለተገዛ ማሽን ግን የመጀመሪያው ወቅት ገቢ በአማካይ በሦስት ወር ውስጥ ስለሚገኝ እያንዳንዱ የአሁን ዋጋ 13 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። በዚያ ስሌት የአራት ወቅት ድምር ወደ 294,600፣ የአምስት ወቅት ድምር ወደ 334,100 ብር ይደርሳል፤ ማሽኑም ሽያጩን ሳይጠብቅ በአምስተኛው ወቅት አጋማሽ አለፍ ብሎ ገንዘቡን ይመልሳል። ዋጋው፣ ጉልበቱ፣ የሚወቃው ኩንታል አልተለወጠም፤ የተለወጠው የግዢው ወር ብቻ ነው። ብድር ጠያቂ ገንዘቡ ከመስከረም በፊት እንዲለቀቅለት አጥብቆ ቢከራከር በቂ ምክንያት አለው።

በዚህ ስሌት ውስጥ ብዙ የሚወስነው ቁጥር የቅናሽ ተመኑ ነው፣ እሱንም የሚመርጠው አስሊው ነው። ገንዘቡ የብድር ከሆነ የብድሩ ወለድ ምክንያታዊ መነሻ ይሆናል። ገንዘቡ የራስ ከሆነ ግን ተመኑ ዜሮ ነው ማለት አይደለም፤ ያ ገንዘብ ማሽን ባይገዛበት ምን ያስገኝ ነበር የሚለው ነው የሚታየው። በግና በሬ አድልቦ ለበዓል የሚሸጥ፣ ወይም እህል በታኅሣሥ ገዝቶ እስከ ሐምሌ የሚያቆይ ሰው ገንዘቡ በዓመት ምን ያህል እንደሚያፈራለት በልምዱ ያውቃል። ወለድ የማይቀበል ሰውም ቢሆን ይኸው መነሻ ያገለግለዋል፤ ስሌቱ የሚጠይቀው የገንዘቡን ሌላ አማራጭ እንጂ ወለድ መክፈልን ወይም መቀበልን አይደለም።

ከተመኑ ጋር ተያይዞ በአገራችን ሁኔታ ሊታለፍ የማይገባው ነገር የዋጋ ንረት ነው። ሠንጠረዡን መለስ ብሎ ያየ ሰው አንድ አለመጣጣም ያገኛል። የየወቅቱ ገቢ የተሰላው በዛሬ ዋጋ ነው፤ የኩንታሉ 130 ብርም የናፍጣው 130 ብርም በስድስት ዓመት ውስጥ እንዳይነቃነቁ ተደርገው ተይዘዋል። 18 በመቶው የብድር ወለድ ግን የዋጋ ንረትን በውስጡ የያዘ ቁጥር ነው፤ አበዳሪው ብሩ ዋጋ እያጣ እንደሚመለስለት ስለሚያውቅ ወለዱን ከፍ ያደርጋል። የዛሬ ዋጋን በእንዲህ ያለ ተመን መቀነስ ማሽኑን ሁለት ጊዜ መቅጣት ይሆናል። ሁለት መውጫ አለ፦ ወይ ገቢውንና ወጪውን በየዓመቱ በሚጠበቀው ንረት ማሳደግ፣ ወይም ንረቱን ከተመኑ ላይ ማውጣት። ንረቱ በዓመት 13 በመቶ ነው ቢባል 1.18ን ለ1.13 አካፍለን 1.044 እናገኛለን፤ ንረት የወጣለት ተመን 4.4 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ተመን የሦስት ወቅት የአሁን ዋጋ ድምር ወደ 274,000 ብር ይደርሳል፤ የጎደለው 46,000 ያህል ብርም ከአራተኛው ወቅት 75,700 ብር ውስጥ ይሸፈናል። ማሽኑን ከመሸጥ በፊት አልመልስም ያለው ስሌት አሁን በአራተኛው ወቅት ይመልሳል አለ።

ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ? ንረት የወጣለት ስሌት ትክክል የሚሆነው የመውቂያ ክፍያው ከናፍጣውና ከመለዋወጫው እኩል ሲጨምር ነው፣ ይህ ደግሞ ዋስትና የለውም። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር እንዲወደድ የሚያደርግ ግፊት ተፈጠረ። ሞተርና ኩሽኔታ የሚመጡት ከውጭ ነው። የመውቂያ ክፍያ የሚወሰነው ግን በመንደር ውስጥ ነው፤ ሌላ ሁለት ማሽን ቀበሌው ውስጥ ከገባ ክፍያው ባለበት ሊቆም ወይም ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ አስሊ ወጪውን በንረቱ ልክ፣ ክፍያውን ግን ከንረቱ ዝቅ ባለ ጭማሪ አሳድጎ፣ ከዚያ በ18 በመቶው ይቀንሳል። የክፍያው ጭማሪ ከንረቱ እጅግ ካላነሰ መልሱ በአራተኛው ወቅትና በማሽኑ ሽያጭ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ይወድቃል። የበለጠ እርግጠኛነት የሚሰጥ ሌላ ዘዴ ስሌቱ ውስጥ የለም።

ሁለቱም ስሌቶች የሚጋሩት ትልቅ ጉድለት ገንዘቡ ከተመለሰ በኋላ የሚሆነውን አለማየታቸው ነው። ከምሳሌው ማሽን አጠገብ በ180,000 ብር የሚገዛ ቀለል ያለ ማሽን አለ እንበል፤ ሦስት ወቅት ብቻ ሠርቶ የሚያበቃ፣ 90,000፣ 90,000 እና 70,000 ብር የሚያስገባ። በተራው ስሌት ይህኛው ልክ በሁለት ወቅት ገንዘቡን ይመልሳል። በ18 በመቶ ቅናሽ ደግሞ የሁለት ወቅት የአሁን ዋጋው 140,900 ብር ገደማ፣ የሦስቱ 183,500 ብር ያህል ስለሆነ በሦስተኛው ወቅት መገባደጃ ይመልሳል። በፍጥነት የሚመልሰውን ምረጥ የሚል ሰው በሁለቱም መለኪያ ርካሹን ማሽን ይመርጣል። ሁሉንም ገቢ እስከ መጨረሻው ቆጥረን የግዢውን ዋጋ ብንቀንስ ግን የርካሹ ትርፍ በአሁን ዋጋ 3,500 ብር ገደማ፣ የውዱ 15,900 ብር ገደማ ነው። የአገልግሎት ዘመናቸው እኩል እንዲሆን ርካሹን ሁለት ጊዜ በተመሳሳይ ዋጋ ይገዛል ብንል እንኳ ድምሩ ከ5,700 ብር አያልፍም። እስከ መጨረሻው ቆጥሮ ወጪን የሚቀንሰው ይህ ሦስተኛ መለኪያ የተጣራ የአሁን ዋጋ ይባላል፤ የማሽን ምርጫ የሚደረገው በእርሱ ነው እንጂ በመመለሻ ጊዜ መሆን የለበትም። በቅናሽ የሚሰላውን የመመለሻ ጊዜ አስልቶ የጨረሰ ሰው ሠንጠረዡን እስከ ታች ከሞላው የተጣራ የአሁን ዋጋን ያለ ተጨማሪ ድካም አግኝቷል፤ ከመጨረሻው ድምር ላይ የግዢውን ዋጋ መቀነስ ብቻ ነው የሚቀረው።

ይህን ካልኩ በኋላ ለርካሹ ማሽን አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው። የስድስት ዓመት ትንበያ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወቅቶች ይታመናል፤ ለአምስተኛውና ለስድስተኛው ግን ግምት ነው። ኮምባይነር ሊደርስበት የሚችል መንገድ ቢከፈት፣ ወቅቱ ያለ ጊዜው ዝናብ ቢጥል፣ ጸጥታ ቢደፈርስ ከሩቁ ገቢ ላይ የሚቆረጠው ይበዛል። ቶሎ የሚመልስ መሣሪያ ለእንዲህ ያለ አደጋ የሚጋለጥበት ጊዜ አጭር ነው፤ የመመለሻ ጊዜ እንደ አደጋ መለኪያ ዋጋ ያለውም በዚህ ምክንያት ነው። ድክመቱ ግን አደጋውን በጊዜ ርዝመት ብቻ መለካቱ ነው። በምሳሌያችን ሁለተኛው ወቅት በመሃል ሞተር ተሰብሮ ገቢው ከ110,000 ወደ 40,000 ብር ቢወርድ ተራው የመመለሻ ጊዜ ከ3.22 ወደ 4 ወቅት ብቻ ይገፋል፣ ነገሩም የሚያስደነግጥ አይመስልም። በቅናሽ ሲሰላ ግን የጎደለው 70,000 ብር በአሁን ዋጋ 50,300 ብር ያህል ስለሆነ፣ ማሽኑ ተሽጦም ቢሆን ገንዘቡን ፈጽሞ አይመልስም። አንድ መጥፎ ወቅት ግዢውን ከአትራፊነት ወደ ኪሳራ ሲያሻግረው የሚታየው በሁለተኛው ስሌት ብቻ ነው።

ሁለቱም ዝም የሚሉት ነገር ደግሞ የብድሩ ክፍያ ነው። የመመለሻ ጊዜ 3.22 ዓመት ስለሆነ የሦስት ዓመት ብድር ሊመጥነው ተቃርቧል የሚል አስተሳሰብ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ገዢው 64,000 ብር ከራሱ ከፍሎ 256,000 ብሩን በ18 በመቶ ለሦስት ዓመት ተበድሮ በየዓመቱ መጨረሻ እኩል ቢከፍል፣ የዓመቱ ክፍያ 117,740 ብር ገደማ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት ማሽኑ ያስገባው 80,000 ብር ነው፤ 37,740 ብር ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመትም በየዓመቱ 7,740 ብር ይጎድላል። ማሽኑ በሙሉ አቅሙ እየሠራ፣ አንድም ቀን ሳይሰበር፣ ገዢው በየዓመቱ ከብት ወይም እህል እየሸጠ ዕዳ ይከፍላል ማለት ነው። ተራው ስሌት ወለድን ከናካቴው አያይም፤ በቅናሽ የሚሰላው ወለዱን ቢያይም ክፍያው በየትኛው ወር እንደሚጠየቅ አያይም። ክፍያው በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚጠየቅ ከሆነ ደግሞ ከየካቲት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ማሽኑ የሚከፍለው ምንም የለውም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ስሌት በኩንታል የሚጀምር ነው። በምሳሌያችን ከአንድ ኩንታል 130 ብር ሲገባ 43 ብር ከ33 ሳንቲም ናፍጣ፣ 20 ብር ሠራተኛ ይወስዳል፤ 66 ብር ከ67 ሳንቲም ይቀራል። የወቅቱን 10,000 ብር የጥገናና የማዘዋወሪያ ወጪ ጨምሮ 117,740 ብር ለመክፈል ወደ 1,916 ኩንታል መውቃት ያስፈልጋል፤ በቀን 36 ኩንታል ሲታሰብ ከ53 ቀን በላይ ነው፣ ወቅቱ ደግሞ የሚሰጠው 50 ቀን ነው። ብድሩ ወደ አራት ዓመት ቢራዘም የዓመቱ ክፍያ ወደ 95,200 ብር ዝቅ ይላል፤ የሚያስፈልገው 1,577 ኩንታል ያህል፣ ማለትም 44 ቀን ገደማ ይሆናል። ይህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወቅት ይቻላል፣ በየዓመቱም 14,800 ብር ያህል ይተርፋል፤ ከዚህም ላይ በአራተኛው ዓመት የሚጎድለው 5,200 ብር ይሸፈናል። በመጀመሪያው ወቅት ግን የሚወቃው 1,350 ኩንታል ስለሆነ 15,200 ብር ያህል ይጎድላል፣ ይህንን የሚሸፍን ቀደም ያለ ትርፍ የለም። ገዢው ከመነሻ መዋጮው ከ64,000 ብር በተጨማሪ ይህን ያህል ገንዘብ ለብቻው አስቀምጦ፣ ወይም የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ዝቅ እንዲል ከአበዳሪው ጋር ተስማምቶ ውሉን መፈረም ይኖርበታል።